ክሪያቲንና ውሃ፦ ሚዛን ላይ የሚታየው አንድ ኪሎ

ክሪያቲን መውሰድ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። ጡንቻ በሰባት ቀን ይህን ያህል አያድግም፤ የጨመረው በአብዛኛው ውሃ ነው። እስከዚህ ድረስ ተመራማሪውም የጂም አሠልጣኙም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ወገን “ውሃ ብቻ ነው፣ ጡንቻ መስሎህ ተታለልክ” ይላል። ሌላው “ውሃው ሁሉ የሚገባው ጡንቻ ውስጥ ስለሆነ ምንም አይደለም” ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ተቃራኒ ሄዶ “ሰውነትን ያደርቃል፣ ጡንቻን ያሸማቅቃል” ብሎ ያስፈራራል። ሦስቱም ከየት እንደመጡ የሚታወቅ መነሻ አላቸው፤ የተደገፉበት ማስረጃ ግን እኩል አይደለም።

ከሥጋ መረቅ እስከ ባርሴሎና

ክሪያቲንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ነው። በ1832 ከሥጋ ውስጥ አግኝቶት ሥጋ ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። በ1847 ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ሲታደኑ ሮጠው የተገደሉ የዱር ቀበሮዎችን ሥጋ በቤት ታስረው ከቆዩት ጋር አነጻጸረ፤ ክሪያቲን በዱሮቹ ሥጋ ውስጥ እጅግ በዝቶ አገኘው። ነገሩ ከጡንቻ ሥራ ጋር እንደሚገናኝ የተጠረጠረው ያኔ ነው። ምን እንደሚሠራ መታወቅ የጀመረው ግን ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1927 ፊስክና ሱባሮው ጡንቻ ውስጥ ፎስፎክሪያቲን የተባለውን ውህድ ሲያገኙ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ኤቲፒ የተባለውን ኃይል እያቃጠለ ነው፤ የተከማቸው ኤቲፒ ግን ለጥቂት ሰከንድ እንኳን በቅጡ አይበቃም። ፎስፎክሪያቲን ያለቀውን ኤቲፒ ወዲያው መልሶ ይሞላል። ይህ መጠባበቂያ በሙሉ ኃይል ሲሠራ አሥር ሰከንድ ያህል ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሥራ ሰውነት ወደ ስኳርና ስብ ይዞራል። ክሪያቲን ማንን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ግማሽ መልሱ እዚህ አለ።

የዛሬው ዱቄት ታሪክ የሚጀምረው በ1992 ነው። ሮጀር ሃሪስ፣ ካሪን ሶደርሉንድና ኤሪክ ሁልትማን ለተሳታፊዎች 5 ግራም ክሪያቲን በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ሰጥተው፣ ከጭናቸው በመርፌ የጡንቻ ናሙና ወሰዱ። ያለው ክምችት በግልጽ ጨመረ። የበለጠ የጨመረውም መጀመሪያ ዝቅተኛ ክምችት በነበራቸው ሰዎች ላይ ነው። በዚያው ዓመት በባርሴሎና ኦሎምፒክ ያሸነፉ የብሪታኒያ ሯጮች እንደተጠቀሙበት በጋዜጣ ሲዘገብ፣ የቤተ ሙከራው ነገር ወደ ገበያ ወጣ። ክሪያቲን በዓለም አቀፍ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ የለም።

ውሃው ስንት ነው?

አስቀድሞ አንድ የስም ስህተት ማረም ያስፈልጋል። በዱቄቱ ስም ላይ ያለው ሞኖሃይድሬት ማለት እያንዳንዱ የክሪያቲን ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል ይዟል ማለት ነው። ይህን የሰሙ አንዳንዶች ውሃው የሚመጣው ከስሙ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከዱቄቱ 88 በመቶው ክሪያቲን ነው፤ በ5 ግራም ውስጥ ያለው ውሃ 0.6 ግራም ብቻ፣ ማለትም ጥቂት ጠብታ ነው። “ውሃ የሌለው” ተብሎ በውድ የሚሸጠው ዓይነት ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ከሞኖሃይድሬት የተለየ ነገር አይሠራም።

እውነተኛው ውሃ የሚመጣው በኦስሞሲስ ነው። ሽሮ ወጥ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሰው ውሃ እንደሚጠማው፣ አንድ ህዋስ ውስጥም የሟሟ ነገር ሲበዛ ውሃ ተከትሎት ይገባል። ስንት እንደሚከተል በጥሩ ግምት ማስላት ይቻላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰውነቱ 120 ግራም ያህል ክሪያቲን አለው፤ 95 በመቶው የሚገኘው ጡንቻ ውስጥ ነው። ክምችቱ በአንድ አምስተኛ ከጨመረ 25 ግራም ገደማ ተጨመረ ማለት ነው። 25 ግራም ክሪያቲን 190 ሚሊሞል ያህል ይሆናል። የሰውነት ፈሳሽ በሊትር ወደ 290 ሚሊኦስሞል የሟሟ ነገር ስለሚይዝ፣ 190ን ለ290 ስናካፍል 0.65 ሊትር፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ውሃ እናገኛለን። ፎስፎክሪያቲንን ተከትለው የሚገቡ ሌሎች ጨዋማ ነገሮች ስላሉ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ሚዛን ላይ የሚታየውም በዚሁ አካባቢ ነው።

ይህ ውሃ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? የዚህ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ውሃ 42 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 0.65 ሊትር ሲታሰብ አንድ ተኩል በመቶ ነው። ጨዋማ ምግብ የበላ ሰው በማግስቱ የሚያየው ጭማሪም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ “ፊቴን ነፋው” የሚል ሰው ዱቄቱን ከመውቀሱ በፊት የጨውን ነገር ይመርምር።

ውሃው የት ይገባል?

ማስታወቂያዎች “ሁሉም ጡንቻ ህዋስ ውስጥ ይገባል” ይላሉ። ይህ ከኦስሞሲስ አንጻር ያስኬዳል፤ ምክንያቱም ክሪያቲኑ የተከማቸው ጡንቻ ውስጥ ነው። አንዳንድ የአጭር ጊዜ ጥናቶችም በጥቂት ቀናት ውስጥ የህዋስ ውስጡ ፈሳሽ እንደጨመረ ለክተዋል። ነገር ግን በ2003 ማይክል ፓወርስና ባልደረቦቹ 32 ሰዎችን ይዘው ለአንድ ሳምንት በቀን 25 ግራም፣ ከዚያ ለሦስት ሳምንት 5 ግራም ሰጥተው ሲለኩ የተለየ ነገር አገኙ። ጠቅላላ የሰውነት ውሃ ጨመረ፤ በህዋስ ውስጥና በህዋስ ውጭ ያለው ክፍፍል ግን እንደነበረ ቆየ። ማለትም ሁለቱም በየድርሻቸው ጨመሩ።

እኔ ከዚህ የምረዳው ሁለቱም መፈክሮች ከማስረጃው በላይ እንደሚናገሩ ነው። “ቆዳ ሥር የሚነፋ ውሃ ነው” ለማለት ክፍፍሉ ወደ ውጭ ማጋደል ነበረበት፤ አላጋደለም። “አንድ ጠብታ ከጡንቻ ውጭ አይወጣም” ለማለትም ክፍፍሉ ወደ ውስጥ ማጋደል ነበረበት፤ በዚህ ጥናት እሱም አልታየም። በዚያ ላይ ልኬቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶች በሰውነት ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ አሳልፈው የሚገምት መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ይህ መሣሪያ ሰውየው በምን ሰዓት ውሃ እንደጠጣ እንኳን ይነካዋል።

ሦስተኛው ነጥብ የጊዜ ነው። የውሃው ጭማሪ የሚታየው ክምችቱ እየሞላ ባለበት ጊዜ ነው። ጡንቻ ጣሪያ አለው፤ ከሞላ በኋላ የተረፈው ክሪያቲን በሽንት ይወጣል፣ ውሃውም መጨመሩን ያቆማል። ለብዙ ሳምንታት የቆዩ ጥናቶች ውስጥ ብዙዎቹ የሰውነት ውሃን ከጡንቻው መጠን ጋር ሲያመዛዝኑት የተለየ ጭማሪ አላገኙም። ስለዚህ ክብደቱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ጨምሮ ከቆመ ክሪያቲን ነው ማለት ያስኬዳል፤ በሁለተኛው ወርም እየጨመረ ከሄደ ምክንያቱ ምግብ ወይም ሥልጠና ነው። እግር ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቀር እብጠት ካለ ግን ይህ የክሪያቲን ነገር ስላልሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

“ያደርቃል” የሚለው ወሬ

በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ትግል ተወዳዳሪዎች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሞቱ። ጥርጣሬው ወዲያው ያረፈው ያኔ በሰፊው እየተሸጠ በነበረው ክሪያቲን ላይ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ1998 ባወጣው ዘገባ ግን ሦስቱም ከውድድር በፊት ክብደት በፍጥነት ለመቀነስ ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው በሞቀ ክፍል ውስጥ ይሠሩ እንደነበር አሳየ። የገደላቸው ሙቀትና የፈሳሽ እጦት ነበር። ምርመራው ክሪያቲንን ተጠያቂ ባያደርግም ወሬው አልጠፋም። በ2000 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ክብደት እየቀነሱ በሙቀት ለሚሠለጥኑ ሰዎች ክሪያቲን እንዳይመከር በጥንቃቄ ስለጻፈ፣ ጥንቃቄው እንደ ማስረጃ ተቆጠረ።

ሐሳቡ ሲታይ አሳማኝ ነው፤ ጡንቻ ውሃ ከሳበ ደም ላይ ይጎድላል ይባላል። ነገር ግን ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት በመቀነስና ከሚጠጣው በመያዝ ያንን ይሞላዋል፤ ለዚህም ነው ጠቅላላ ውሃው የሚጨምረው እንጂ ቦታ የሚለዋወጥ ብቻ የማይሆነው። በሙቀት ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎችን በ2009 የሰበሰበ ግምገማም ክሪያቲን ሙቀት መቋቋምን ወይም የፈሳሽ ሚዛንን እንደሚያውክ ማስረጃ አላገኘም። በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ክትትልም ክሪያቲን የሚወስዱት ከማይወስዱት ያነሰ የጡንቻ መሸማቀቅ ነበራቸው። ይህን ግን “ያድናል” ብሎ ማንበብ ትክክል አይደለም፤ የሚወስዱትን የመረጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለነበሩ ሁለቱ ቡድኖች መጀመሪያውኑ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ውሃ ወይስ ጡንቻ?

አሁን ክርክሩ የሞቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች “ከስብ ነፃ ክብደት” የሚለውን ይለካሉ፤ በኤክስሬይ የሚሠራው ዴክሳ የተባለው መሣሪያም ውሃን ከጡንቻ ጋር ደባልቆ ይቆጥረዋል። ክሪያቲን ወስዶ ሥልጠና የጀመረ ሰው ከ12 ሳምንት በኋላ አንድ ኪሎ በልጦ ቢገኝ፣ ያ ኪሎ የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ይሁን የሦስት ወር ጡንቻ በዚህ ልኬት መለየት አይቻልም።

በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ይህን ለመለየት ሞከረ። 54 ሰዎችን ይዞ፣ ክሪያቲን የደረሳቸው ከሥልጠናው በፊት ለአንድ ሳምንት በቀን 5 ግራም ብቻ እንዲወስዱ አደረገ። በዚያ ሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ጨመሩ። ከዚያ ለ12 ሳምንት ሁሉም ሠለጠኑ፤ ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ኪሎ ገደማ ጨመሩ፣ በመካከላቸው ልዩነት አልታየም። ለጥርጣሬው ወገን ይህ ጠንካራ ድጋፍ ነው።

በሌላ በኩል ጡንቻን በቀጥታ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ የለኩ ጥናቶችን የሰበሰበ የ2023 ግምገማ፣ ክሪያቲን ከሥልጠና ጋር ሲሄድ የጡንቻን ውፍረት እንደሚጨምር አግኝቷል፤ ጭማሪው ግን ትንሽ ነው፣ በሚሊሜትር የሚቆጠር። በ1999 ጄፍ ቮሌክና ባልደረቦቹ የጡንቻ ናሙና ወስደው፣ ከ12 ሳምንት ሥልጠና በኋላ የክሪያቲን ቡድኑ የጡንቻ ክሮች 35 በመቶ ያህል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከ6 እስከ 15 በመቶ እንደወፈሩ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ 19 ብቻ ነበሩ፤ ክሩ ራሱ ውሃ ቢይዝም ይወፍራል የሚለው ተቃውሞም አልሞተም።

የጥንካሬው ነገር ከዚህ ይለያል። ሰው የሚያነሳው ብረት በውሃ አይጨምርም። በአጭርና ተደጋጋሚ ጥረት ላይ ክሪያቲን አንድ ሁለት ድግግሞሽ እንደሚያስጨምር ብዙ ሙከራዎች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ለወራት ሲጠራቀም ጡንቻ የሚያሳድገውም ይህ ትርፍ ሥራ እንደሆነ ይታመናል። እንደ እኔ ፍርድ “ክሪያቲን ጡንቻ ይሠራል” ከማለት “ተጨማሪ ሥራ ያሠራል” ማለት ለማስረጃው የቀረበ ነው።

ማንን ይጠቅማል?

ብረት የሚያነሳ፣ አጭር ርቀት የሚሮጥ፣ ኳስ ሜዳ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈተለክ ሰው ዋናው ተጠቃሚ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ብረት እያነሱ ሲወስዱት ከስብ ነፃ ክብደታቸው በአማካይ ከአንድ ኪሎ በላይ እንደሚበልጥ ግምገማዎች ያሳያሉ። ያለ እንቅስቃሴ የሚወሰድ ዱቄት ግን ብዙ አያደርግም። ለአጥንት የተጠበቀው ጥቅምም አልመጣም፤ ካረጡ 237 ሴቶች ጋር ለሁለት ዓመት የተደረገ ሙከራ የአጥንት ጥግግት ላይ ለውጥ አላገኘም።

የረጅም ርቀት ሯጭ ነገር የተለየ ነው፤ ለእኛ አገር አንባቢ ደግሞ ልብ የሚባል ነው። በ1993 በስዊድን ፖል ባልሶምና ባልደረቦቹ ክሪያቲን የወሰዱ ሯጮችን በዳገትና ቁልቁለት 6 ኪሎ ሜትር አስሮጠዋቸው፣ ከበፊቱ ቀስ ብለው ጨረሱ፤ ክብደታቸው ጨምሮ ነበር። ለክብደት አንሺ ምንም ያልሆነው የውሃ ኪሎ፣ ማራቶን ለሚሮጥ ሰው በየእርምጃው የሚሸከመው ነው።

ሌላው ትልቅ ተጠቃሚ ሥጋ የማይበላ ሰው ነው። ሰውነት በቀን 2 ግራም ያህል ክሪያቲን ያጣል፤ ግማሹን ጉበትና ኩላሊት ተጋግዘው ይሠሩታል፣ ግማሹ ከሥጋና ከዓሣ ይመጣል። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ይይዛል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻቸው ዝቅተኛ ክምችት ስላለው ዱቄቱን ሲወስዱ ጭማሪው ይበዛል። ሥጋ በሊታዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ሥጋ ሲያቋርጡ ክምችታቸው እንደሚወርድም ታይቷል፤ ስለዚህ 55 ቀን ሙሉ ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ክምችቱ ይቀንሳል ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ዱቄቱ የሚመረተው ከሥጋ ሳይሆን ሳርኮሲን ከተባለ ነገርና ከሲያናማይድ በፋብሪካ ስለሆነ የእንስሳ ተዋጽኦ የለውም። ጿሚው መጠንቀቅ ያለበት በእንክብል ለሚሸጠው ነው፤ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን ይሠራል።

መጠኑ

ሁለት መንገድ አለ። ፈጣኑ በቀን 20 ግራም፣ በ5 ግራም አራት ጊዜ ተከፍሎ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን መውሰድና ከዚያ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም መቀጠል ነው። ዝግተኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከ3 እስከ 5 ግራም ብቻ መውሰድ ነው። በ1996 ሁልትማንና ባልደረቦቹ 20 ግራም ለስድስት ቀን የወሰዱትንና 3 ግራም ለ28 ቀን የወሰዱትን ሲያወዳድሩ የጡንቻው ክምችት እኩል ደረሰ።

የውሃው ጥያቄ ለሚያሳስበው ሰው ልዩነቱ እዚህ ይታያል። በፈጣኑ መንገድ ያ 0.65 ሊትር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚገባ ሚዛኑ ዘሎ ይታያል። በዝግተኛው በአራት ሳምንት ሲከፋፈል በቀን 23 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የሰው ክብደት ከጠዋት ጠዋት በግማሽ ኪሎ ስለሚለዋወጥ በዓይን አይለይም። በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሳምንት፣ በየማለዳው ሽንት ቤት ሄዶ ቁርስ ሳይበላ ይመዘንና አማካዩን ይያዝ። የፋሲካን ሰሞን ለዚህ አይምረጥ፤ ያኔ የሚጨምረው ክብደት የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የሻይ ማንኪያ የሚይዘው መጠን እንደ አሞላሉ ይለያያል፤ ተቆልሎ ከተሞላ ይበልጣል። በአንድ ጊዜ 10 ግራም የሚወስዱ ሰዎች 5፣ 5 አድርገው ከሚወስዱት ይልቅ ተቅማጥ ይበዛባቸዋል። ሞቅ ባለ ውሃ ወይም ሻይ ቶሎ ይሟሟል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከሥሩ እንደ አሸዋ የሚቀረውን ውሃ ጨምሮ መጠጣት ነው። በጥብጦ ለማግስት ማስቀመጥ አይገባም፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ፣ በተለይ ጎምዛዛ ጭማቂ ውስጥ፣ እየተቀየረ ክሪያቲኒን ይሆናል።

ይህ ቃል ሌላ ግርታ ያመጣል። ክሪያቲኒን የክሪያቲን ዝቃጭ ነው፤ ሐኪሞች የኩላሊትን ጤና የሚገምቱትም በደም ውስጥ ባለው መጠኑ ነው። ክሪያቲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ይህ ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ለምርመራ ደም ከመስጠት በፊት ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ጥርጣሬ ካለ በጡንቻና በክሪያቲን የማይነካውን ሲስታቲን ሲ የተባለውን ምርመራ ማዘዝ ይቻላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይማከር መጀመር የለበትም።

ዱቄቱን ያቋረጠ ሰው ክምችቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ውሃውም አብሮት ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ሚዛኑ ላይ የሚጎድለው ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ መጀመሪያ የገባው ያው ውሃ ነው።